በረድፍ የተጻፈ ስም መጥሪያ፦ ቀኑ ወደ ጎን፣ ተማሪው ወደ ታች እንዲሆን እንዴት ይዙር?

ጥያቄውን የከፈትኩት ከደብረ ብርሃን ነው። መልሶቹ በዝተው አንዱ ወደ ሌላው ስለሚመላለስ፣ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲቀል ጥያቄዬን እዚህ አስቀምጬ ከሥሩ እያንዳንዱ መልስ ያለውን በራሴ አነጋገር በተራ ቁጥሩ አስከትያለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው። የ9ኛ ሀ የኅዳር ወር 2017 ስም መጥሪያ ኤክሴል ላይ ገብቷል። የገባው ግን በረድፍ ነው። A ዓምድ ላይ ቀን፣ B ላይ የተማሪው ቁጥር፣ C ላይ ምልክት፣ D ላይ ስም አለ። ምልክቱ ለተገኘ ✓፣ ለቀረ ቀ፣ ፈቃድ ለጠየቀ ፈ ነው። ሺቱ Data ይባላል። ዩኒት ሊደሩ የሚፈልጉት ግን እንደ ወረቀቱ ስም መጥሪያ ተማሪው ወደ ታች፣ ቀኑ ወደ ጎን የተዘረዘረበትንና መገናኛው ላይ ምልክቱ ያለበትን ነው። ተማሪዎቹ 52 ናቸው። ከወሩ 30 ቀን 4 ቅዳሜና 5 እሑድ ሲወጣ የትምህርት ቀኑ 21 ይሆናል። ስለዚህ 52 በ21 ሲባዛ 1,092 ረድፍ መኖር ነበረበት፤ ያለው ግን 1,097 ነው። ፓይቮት ቴብል ሲሠራ በምልክቱ ቦታ በየሴሉ 1 ብቻ ይመጣል። ሰንጠረዡን በእጅ ለመሥራት የቀኑ ራስጌ ወደ ጎን ሲጎተት ደግሞ ከ2/3/2017 ቀጥሎ 3/3/2017 ሳይሆን 2/4/2017 ይመጣል። ምኑ ነው የተበላሸው?

መልስ 1። ከደብረ ሲና የጻፉ መምህር ነገሩ ቀላል ነው ብለው ጀመሩ። የተማሪውን ቁጥር Rows ላይ፣ ቀኑን Columns ላይ፣ ምልክቱን Values ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው አሉ። አቀማመጡ ልክ ነው። ግን 1 ይመጣል የሚለውን የጥያቄዬን ክፍል ሳያዩት አልፈዋል።

መልስ 2። ከዓለም ከተማ የጻፈ አንድ ሰው መልስ 1ን በጨዋ አነጋገር አረመ። ፓይቮት ቴብል Values ላይ የገባለትን ነገር ያሰላል እንጂ እንዳለ አያስቀምጥም። ፊደል አይደመር፣ አይካፈል፤ ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደመጣ ብቻ ይቆጥራል። 1 ማለት ለዚያ ተማሪ በዚያ ቀን አንድ ረድፍ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የተናገረው ነው ለእኔ የጠቀመኝ። ያን በ1 የተሞላ ሰንጠረዥ አትጣሉት፣ መመርመሪያ ነው አለ። 2 የሚል ሴል ካለ ተማሪው በአንድ ቀን ሁለቴ ተመዝግቧል፤ ባዶ ሴል ካለ ጭራሽ አልተመዘገበም። ምልክቱን ከማስቀመጥ በፊት ሁሉም ሴል 1 መሆን አለበት።

እንዳለው አየሁት። 8 ሴል ላይ 2 አለ፣ 3 ሴል ባዶ ነው። 8 ትርፍ ሲቀነስ 3 ጉድለት 5 ይሆናል፤ ከ1,092 በላይ የመጣውም ያው 5 ነው። የረድፉን ብዛት ብቻ ያየ ሰው አምስት ደጋግሜ ጽፌያለሁ ብሎ አምስት አጥፍቶ ይገላገል ነበር። እውነተኛው ጉድለት ግን አሥራ አንድ ቦታ ላይ ነው።

መልስ 3። ከመሐል ሜዳ የጻፉ መምህር የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ። የፈተና ውጤት በረድፍ ተጽፎ አላቸው፤ ትምህርቱ ወደ ጎን እንዲዘረዘር ይፈልጋሉ፤ የእኔ ጥያቄም ያው መስሏቸዋል። ፓይቮት ቴብል ለእሳቸው በደንብ ስለሠራ የእኔ ያልሠራው ስህተት ስለሠራሁ ነው አሉ።

መልስ 4። የዓለም ከተማው ሰው ተመልሶ ባጭሩ መለሰላቸው። ውጤት ቁጥር ነው። ሒሳብ 78 የሚል አንድ ረድፍ ብቻ ካለ የአንድ ቁጥር ድምር ራሱ 78 ስለሆነ ልክ መስሎ ይቀመጣል። ያው ተማሪ ሁለቴ ቢገባ ግን 156 ይመጣልና እዚያም መፈተሽ ያስፈልጋል አለ።

መልስ 5። የቀኑን ነገር የፈታችው ከሸዋ ሮቢት የጻፈች ሬከርድ ኦፊሰር ናት። የክሩ ዋና መልስ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 2/3/2017 ብለን ኅዳር 2 ስንጽፍ እሱ የሚያነበው እንደ ፈረንጅ ቀን ነው። የኮምፒውተሩ የቀን አጻጻፍ የአሜሪካ ከሆነ ደግሞ ወሩን አስቀድሞ ስለሚያነብ የፌብሩዋሪ 3 ቀን ያደርገዋል። ሲጎተት አንድ ቀን ጨምሮ ፌብሩዋሪ 4 ይላል፤ እሱም 2/4/2017 ተብሎ ይጻፋል፤ እኛ ታኅሣሥ 2 ብለን እናነበዋለን። ግራ ያጋባኝ ይኸው ነበር።

ከኅዳር 13 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር 13ኛ ወር ስለሌለ 13/3/2017 ቀን ሊሆን አይችልም፤ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ አንዱ ዓምድ ውስጥ ከ2 እስከ 12 ያሉት 9 የትምህርት ቀኖች የተሳሳተ የፈረንጅ ቀን ሆነው፣ ከ13 እስከ 30 ያሉት 12 ቀኖች ደግሞ ጽሑፍ ሆነው ተቀምጠዋል። በዓይን የሚለየው በአሰላለፉ ነው። ቀን የሆነው የሴሉን ቀኝ ጠርዝ ይይዛል፣ ጽሑፍ የሆነው ግራውን። ዓምዱን ሰፋ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ በእጅ መሐል ላይ የተሰለፈ ከሆነ ግን ምልክቱ ይጠፋል። ሌላው መለያ 13/3/2017ን ይዞ መጎተት ነው። ጽሑፍ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር ጨምሮ 13/3/2018 ይላል።

መፍትሔዋ ቀኑን ባለ ስምንት አኀዝ ተራ ቁጥር ማድረግ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ኅዳር 12 ቀን 2017 ማለት 20170312 ነው። ኤክሴል ይህን ቀን ነው ብሎ አይነካውም፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደርም ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። የተበላሸውንም ዓምድ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። E2 ላይ ይህን አስገብቶ ወደ ታች መጎተት ነው፦

```
=IF(ISNUMBER(A2),YEAR(A2)*10000+DAY(A2)*100+MONTH(A2),RIGHT(A2,4)*10000+MID(A2,4,LEN(A2)-8)*100+LEFT(A2,2))
```

A2 ኤክሴል ወደ ቀን የቀየረው ከሆነ እሱ ወር ያለው የእኛ ቀን ነው፣ እሱ ቀን ያለው የእኛ ወር ነው፤ DAY እና MONTH ቦታ የተለዋወጡት ለዚህ ነው። ጽሑፍ ሆኖ የቀረ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ሁልጊዜ ከ12 በላይ ስለሆነ ሁለት አኀዝ ነው፤ ከግራ ሁለት ፊደል መውሰድ ይበቃል። ከቀኑ ኋላ አንድ የተረሳ ባዶ ቦታ ካለ ግን MID ከወሩ ጋር የ/ ምልክቱንም ስለሚወስድ #VALUE! የሚል ስህተት ያመጣል። E ዓምድን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መጨረሻውን ማየት ይህን ወዲያው ያወጣዋል።

መልስ 6። ከደነባ የጻፉ አንድ አስተማሪ ፎርሙላው ለሁሉም አይሠራም ብለው በትክክል አረሙ። የኮምፒውተሩ አጻጻፍ የእንግሊዝ ዓይነት፣ ማለትም ቀን ቀድሞ ወር የሚከተልበት ከሆነ DAY እና MONTH ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው። በዚያ አጻጻፍ ኅዳር ምንም ችግር አያሳይም፣ ማርች 31 ቀን አለውና። ጥቅምት ላይ ግን ይወጣል። 29/2/2017 እና 30/2/2017 እንደ ፌብሩዋሪ ስለሚነበቡ፣ 2017 ላይ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው፣ ጥቅምት 29 እና 30 ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ። ወሩን ሙሉ ደህና የሄደ ሰንጠረዥ መጨረሻው ላይ ከተበላሸ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። የሚወስነው ጽሑፉ የተጻፈበት ኮምፒውተር አጻጻፍ እንጂ አሁን ያለንበት ኮምፒውተር እንዳልሆነም አሳሰቡ፤ ፋይሉ በፍላሽ ከመጣ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

መልስ 7። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ቀኑን በፈረንጅ ጻፉትና ተገላገሉ አለ። አነጋገሩ ትንሽ ናቅ የማድረግ ነበረው።

መልስ 8። የሸዋ ሮቢቷ ልጅ ጠንከር ብላ መለሰች። ወረቀቱ ስም መጥሪያ፣ የወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የወሩ ሪፖርት በሙሉ በእኛ ቀን ነው። በ21 ቀን ላይ ሁሉ ወደ ፈረንጅ መቀየር 21 አዲስ የመሳሳቻ ቦታ መክፈት ነው አለች። ግን የስምንት አኀዙንም ድካም አልደበቀችም። ቁጥሩ ለመደርደርና ለማዛመድ እንጂ ለመደመር አይሆንም፤ 20170330 ላይ አንድ ሲጨመር 20170331 የሚባል የሌለ ቀን ይመጣል። ስለዚህ ራስጌው አይጎተትም። E ዓምድን ቀድቶ ሌላ ቦታ በቁጥርነቱ ብቻ አስቀምጦ፣ Remove Duplicates አድርጎ፣ ደርድሮ፣ የቀሩትን 21 ቁጥሮች Paste Special ውስጥ ባለው Transpose ወደ ጎን መገልበጥ ነው። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ራስጌው ከተጻፈው መዝገብ ሲወጣ ስም ያልተጠራበት ቀን በስህተት ሰንጠረዡ ውስጥ አይገባም።

መልስ 9። ምልክቱን ማምጫ ፎርሙላ ያቀረበው የዓለም ከተማው ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ኤክሴል 2010 ቢሆንም የሚሠራ ነው። መጀመሪያ Data ሺት F2 ላይ የተማሪውን ቁጥርና ቀኑን የሚያጣምር መለያ ይሠራል፦

```
=B2&"-"&E2
```

ተማሪ 17 ኅዳር 12 ቀን ላይ 17-20170312 ይሆናል። በአዲሱ ሺት A ላይ የተማሪ ቁጥር፣ B ላይ ስም፣ ከC1 እስከ W1 ያሉት 21 ራስጌዎች ላይ ቀኖቹ ይቀመጣሉ። C2 ላይ፦

```
=IFERROR(INDEX(Data!$C$2:$C$2000,MATCH($A2&"-"&C$1,Data!$F$2:$F$2000,0)),"")
```

ወደ ጎን እስከ W፣ ወደ ታች እስከ 53ኛው ረድፍ ይጎተታል። የዶላር ምልክቱ ቦታ ወሳኝ ነው አለ። $A2 ላይ ዓምዱ፣ C$1 ላይ ረድፉ ነው የሚቆለፈው። ከሁለቱ አንዱ ከተረሳ የመጀመሪያው ረድፍ ወይም የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ልክ ሆኖ ሌላው በሙሉ ባዶ ይሆናል፤ መታወቂያውም ይኸው ነው።

መልስ 10። ከአንኮበር የጻፉ፣ አነጋገራቸው ቆጣ ያለ አንድ ሰው ፎርሙላውን አመስግነው መጨረሻው ላይ ያለውን ባዶ ጥቅስ ግን አጥብቀው ነቀፉ። ባዶ ሴል ለመምህር ትርጉም አለው አሉ። ብዙ መምህር ቀሪውን ብቻ ይጽፋል፤ ባዶ ካየ ተገኝቷል ብሎ ያነባል። እዚህ ግን ባዶ ማለት መዝገቡ ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው። ያልተጠራ ልጅ በዝምታ እንደተገኘ ይቆጠራል። 2000 የሚለውም ወሰን ሌላ ወጥመድ ነው። ኅዳር ብቻውን 1,097 ረድፍ ነው፤ ታኅሣሥ ከሥሩ ሲቀጠል ከ2000 ያልፋልና የታኅሣሥ መጨረሻ ቀኖች ምንም ስህተት ሳያሳዩ ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ በባዶው ጥቅስ ውስጥ "?" ይግባ፣ ወሰኑም ይስፋ አሉ።

ልክ ናቸው። "?" ሲገባ ያ ፓይቮት ያሳየኝ 3 ባዶ ሴል በሦስት ጥያቄ ምልክት ወጣ፤ ሁለቱ መንገዶች መስማማታቸው በራሱ ማረጋገጫ ነው።

መልስ 11። ሌላ ሰው በዚሁ ላይ ጨምሮ ሰንጠረዡ ውስጥ ስንት ጥያቄ ምልክት እንዳለ በCOUNTIF መቁጠር ነው አለና "?" ብቻ የሚል ፎርሙላ ሰጠ።

መልስ 12። የአንኮበሩ ሰው ይህን አላለፉትም። ሳይሞክሩ መልስ መስጠት ሰውን ያሳስታል አሉ። COUNTIF ውስጥ ጥያቄ ምልክት ማንኛውም አንድ ፊደል ማለት ነው። ስለዚህ ✓ም፣ ቀም፣ ፈም፣ ሁሉም ይቆጠራሉ፤ 3 መሆን ሲገባው 1,092 ይመጣል። ከፊቱ ይህች ምልክት መግባት አለባት፦

```
=COUNTIF(C2:W53,"~?")
```

አነጋገራቸው ሻካራ ነበር፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። መልስ 11ን የጻፈው ልጅም ወዲያው አርሞታል።

መልስ 13። ከሞላሌ የጻፈች መምህርት ሰንጠረዡ በሙሉ ü በሚል ፊደል ተሞላብኝ አለች። መልሱን የሰጠችው የሸዋ ሮቢቷ ናት፤ በዚያው ቁጥር ሥር ስለሆነ አብሬ አስቀምጣለሁ። ✓ የገባው ዊንግዲንግስ በሚባለው ፎንት ከሆነ ሴሉ ውስጥ ያለው በእውነት ü ነው፤ ራይት የሚመስለው በፎንቱ ብቻ ነው። ፎርሙላ ፊደሉን ያመጣል እንጂ ፎንቱን አያመጣም። Data ሺት ላይ በ Find and Replace üን በእውነተኛው ✓ መተካት ወይም ጭራሽ ተ በሚል ፊደል መለወጥ ይሻላል። ተ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ተ ነው አለች።

መልስ 14። የደብረ ሲናው መምህር ተመልሰው ቁጥር ምን ያደርጋል፣ በስሙ ብናዛምደው ለመምህሩ አይቀልም ወይ ብለው ጠየቁ።

መልስ 15። የደነባው አስተማሪ በትዕግሥት አስረዱ። ለእኛ ፀሐይ፣ ጸሐይ እና ፀሀይ አንድ ስም ነው። ለኤክሴል ሦስት ናቸው። ኃይለማርያም፣ ሃይለ ማርያም እና ኃ/ማርያምም እንዲሁ። ስም መጥሪያውን በፈረቃ ሁለት ሰው ከጻፈው አንዱ ተማሪ ሁለት ረድፍ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ረድፍ ላይ የሌለው ሌላው ላይ ይገኛል። ምልክቱ ይህ ነው፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ስሞች ተከታትለው ወይም ተራርቀው ይታያሉ፣ አንዱ ባዶ የሆነበት ቀን ሌላው የተሞላበት ነው። ስም ለማንበብ፣ ቁጥር ለማዛመድ ይሁን አሉ።

መልስ 16። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ ሰው ቁጥሩም አይታመንም አለ። ቁጥሩ በፊደል ተራ የተሰጠ ስለሆነ በዝውውር አዲስ ተማሪ ሲመጣ መሐል ይገባና ከእሱ በታች ያሉት በሙሉ አንዳንድ ይገፋሉ። ትናንት 17 የነበረው ዛሬ 18 ነው፤ የትናንቱ ቀሪ ለሌላ ልጅ ይቆጠራል።

መልስ 17። የሸዋ ሮቢቷ፣ የተሰጠ ቁጥር አይነካም ባይ ናት። አዲሱ 53 ይሁን፤ የወጣ ልጅ ቁጥርም ለሌላ አይሰጥ። ዳይሬክተሩ በፊደል ተራ ከፈለጉ ሰንጠረዡን በስም መደርደር ይቻላል፤ ፎርሙላው በየረድፉ ያለውን $A ስለሚከተል ምልክቱ ከተማሪው ጋር አብሮ ይሄዳል። መልስ 16ን የጻፈው ግን አልረካም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ተራ ቁጥርና ኤክሴሉ ላይ ያለው ሲለያይ መምህሩ በወረቀቱ ቁጥር ይጽፋል ብሎ ጸና። ይህ ሥጋቱ ተገቢ ነው። ወረቀቱ እንደገና እስካልተገለበጠ ድረስ የሚሻለው አዲሱን ልጅ ወረቀቱም ላይ መጨረሻ ማስገባት ይመስለኛል።

መልስ 18። ስለ እነዚያ 8 ድርብ ሴሎች ጠይቄ ነበር። ስድስቱ ላይ ሁለቱም ረድፍ አንድ ዓይነት ምልክት ስላለው አንዱን ማጥፋት ይበቃል። ሁለቱ ግን ይጋጫሉ። ለምሳሌ ተማሪ 17 ኅዳር 12 ቀን 436ኛው ረድፍ ላይ ቀ፣ 471ኛው ረድፍ ላይ ✓ አለው። የዓለም ከተማው ሰው የትኛው እንደሚወጣ መንገዱ ይወስነዋል አለ። MATCH ከላይ መጀመሪያ ያገኘውን ስለሚያመጣ ልጁ ቀሪ ይሆናል። Data ሺት በሌላ ዓምድ ቢደረደር ደግሞ ያው ፎርሙላ ያው ልጅ ተገኝቷል ሊል ይችላል። ምንም የስህተት ምልክት አይታይም።

በአዲሶቹ ኤክሴሎች ውስጥ ባለው ፓወር ኩዌሪ ሲሠራ ግን ይህ አይደበቅም አለ። E፣ B እና C ብቻ ይቀራሉ፤ መጀመሪያ በE ይደረደራል፤ ከዚያ E ተመርጦ Transform ሥር Pivot Column፣ ለምልክቱ C፣ በ Advanced options ውስጥ Don't Aggregate። ድርብ ያለበት ሴል Error ይላል፤ ሲነካ ይህን ያሳያል፦

```
Expression.Error: There were too many elements in the enumeration to complete the operation.
```

ፓወር ኩዌሪ ከሁለት አንዱን ልምረጥ አይልም፣ ሰው ይምረጥ ይላል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ከMATCH የምመርጠውም ለዚህ ነው። አንድ ጥንቃቄ ጨምሯል። የF መለያ ዓምድ ሳይወጣ ከቀረ እያንዳንዱ መለያ ለብቻው ረድፍ ይሆንና ሺህ የሚያልፍ ረድፍ፣ በየረድፉም አንድ ምልክት ብቻ ይመጣል።

በፎርሙላው ለሚቀጥል ሰው ግን Data ሺት G2 ላይ ይህ ይግባ፤ ከ1 በላይ የሆነውን ለይቶ ወረቀቱን ማየት ነው፦

```
=COUNTIF($F$2:$F$3000,F2)
```

መልስ 19። ከሞላሌዋ መምህርት ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ይህኛው ከእኔ ጉዳይ ትንሽ ራቅ ይላል። ስም የሚጠራው ጠዋትም ከሰዓትም ከሆነ በቀን ሁለት ረድፍ መኖሩ ስህተት አይደለም። ምን ይደረግ አለች። 17ኛው ተማሪም ምናልባት ጠዋት ቀርቶ ከሰዓት የመጣ ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ ከወረቀቱ ጋር ማየት አለብኝ።

መልስ 20። የደነባው አስተማሪ H ዓምድ ላይ ጠ ወይም ከ ተጽፎ መለያው ውስጥ ይግባ አሉ፦

```
=B2&"-"&E2&"-"&H2
```

ራስጌዎቹ በዚያ ጊዜ 42 ይሆናሉ፣ ረድፉም 2,184፤ 2000 ብሎ የጻፈ ከመጀመሪያው ወር ይጎድልበታል። የፎርሙላው MATCHም ጠ ወይም ከ የሚለውን ከሁለተኛ ራስጌ ረድፍ ማንበብ አለበት።

መልስ 21። የአንኮበሩ ሰው 42 ዓምድ በኤ 4 ወረቀት ታትሞ ማን ያነበዋል አሉ። አንድ ሴል ውስጥ ሁለቱ ምልክቶች ተጣምረው ✓ቀ ይባል፣ ወረቀቱም ላይ የሚጻፈው እንዲያው ነው። የሸዋ ሮቢቷ በዚህ አልተስማማችም። COUNTIF ቀ ሲባል ✓ቀን አይቆጥርም፤ የወሩ ድምር ይጎድላል። ሰውየው ድምሩ ከሰንጠረዡ ሳይሆን በቀጥታ ከ Data ይወሰድ ብለው ይህን ሰጡ፦

```
=COUNTIFS(Data!$B$2:$B$3000,$A2,Data!$C$2:$C$3000,"ቀ")
```

ቆጠራው በዚህ ይወጣል። ግማሽ ቀን የቀረ ልጅ በዩኒት ሊደሩ ሪፖርት ላይ አንድ ቀሪ ነው ወይስ ግማሽ የሚለው ላይ ግን ሁለቱ አልተስማሙም። እሷ ፎርሙላው መጨረሻ ላይ /2 ይጨመር ትላለች፤ እሳቸው ከሰዓት የቀረም ቀሪ ነው ይላሉ።